ስድስት፣ ሰባት እንጂ አንድ፣ ሁለት አይደለም

ጠረጴዛው ላይ ረዘም ያለ ወረቀት ተዘርግቷል። በአንድ ረድፍ 10 ቤቶች ተሥለውበት ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10 ተጽፏል። አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ጠጠር 5 ላይ ቆማለች። የምትሽከረከረውን ቀስት ሲመታት 2 ላይ አረፈች። ልጁ ጠጠሩን አነሣና «አንድ፣ ሁለት» ብሎ 7 ላይ አስቀመጣት። እናቱም «ጎበዝ!» አለችው።

በአጠገባቸው የቆመችው አስተርጓሚ ጎንበስ አለች። «የኔ እህት፣ አሁን አምስት ላይ አልነበረም? እንግዲያው ስድስት፣ ሰባት እያለ ይሂድ።» እናትየው ለአፍታ ግራ ተጋባች። ጠጠሯ የደረሰችው እዚያው 7 ላይ ነው፤ በምን ቢቆጥር ምን ለውጥ አለው? ሆኖም በሚቀጥለው ተራ ልጇን «ማሙሽ፣ አሁን የት ነህ? ቀጥሎስ ማን አለ?» ብላ ጠየቀችው። ልጁ ዝም አለ፣ ቤቶቹን አየ፣ ከዚያ በቀስታ «ስምንት» አለ።

አሜሪካ ውስጥ ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች፣ በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ የሜሪላንድና የቨርጂንያ ከተሞች፣ ልጅ ያስተማረ ወላጅ የዚህን ዓይነት ምሽት መጥሪያ ሳያገኝ አይቀርም። ከልጁ ቦርሳ የምትወጣ ባለ ቀለም ወረቀት ናት፤ «ፋሚሊ ማዝ ናይት» ወይም «የቤተሰብ የመማሪያ ቀን» ትላለች። የትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ወይም ጂምናዚየም ይከፈታል፣ ጠረጴዛዎች በዙሪያው ይደረደራሉ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንድ ጨዋታ ወይም አንድ ሥራ ይቀመጣል። ወላጅና ልጅ አብረው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። ፒዛ አለ፣ ጫጫታ አለ፣ ሕፃን ያቀፉ እናቶች አሉ። ብዙ ወላጆች ነገሩን እንደ ትንሽ የልጆች ድግስ ቆጥረው ልጃቸው ሲጫወት ከኋላ ቆመው ፎቶ አንሥተው ይመለሳሉ።

ነገር ግን ይህ ምሽት መጀመሪያ ሲታሰብ ተማሪ እንዲሆን የተፈለገው ወላጁ ነበር። በአስተርጓሚዋና በእናትየው መካከል ያለፈችው ያቺ አጭር ንግግር ምሽቱ የተዘጋጀበትን ጉዳይ በሙሉ ትይዛለች።

የአሠራሩ ምንጭ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ላውረንስ ሆል ኦፍ ሳይንስ የተባለ የሳይንስ ማዕከል ነው። ማዕከሉ «ኢኳልስ» በተባለ ፕሮግራም መምህራንን ያሠለጥን ነበር፤ የፕሮግራሙ ዓላማ ሴት ልጆችና ከሒሳብ ርቀው የቀሩ ማኅበረሰቦች ወደ ትምህርቱ እንዲቀርቡ ማድረግ ነው። ሥልጠናውን የወሰዱ መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዘው መጡ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በሒሳብ ለመርዳት ይፈልጋሉ፣ እንዴት እንደሚረዱ ግን አያውቁም። ከዚህ ጥያቄ በመነሣት በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ፋሚሊ ማዝ» ተወለደ። በ1986 በጂን ስቴንማርክ፣ በቨርጂንያ ቶምፕሰንና በሩት ኮሲ የተዘጋጀው መጽሐፍ ታተመ፤ ሐሳቡም ከካሊፎርኒያ ወጥቶ በየቦታው ተዳረሰ። በመጽሐፉ ያሉት ሥራዎች የሚጠይቁት ባቄላ፣ የጥርስ እንጨት፣ ሳንቲምና ወረቀት ነው። ይህም ታስቦበት የተደረገ ነው፤ ወላጁ ማታ ያየውን በማግስቱ ያለ ወጪ ቤቱ ውስጥ ሊደግመው ይገባዋልና።

በመጀመሪያው አሠራር ቤተሰቦች የሚገናኙት ለአንድ ምሽት ብቻ አልነበረም። ለበርካታ ሳምንታት እየተመላለሱ አብረው ይማሩ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ትምህርት ቤት የቀረው አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ያቺ አንድ ምሽት ምን ልትሠራ እንደምትችልና ምን እንደማትችል ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ባለ 10 ቤቱ ሰሌዳ እንመለስ። ብዙ ጊዜ በጣም ተራ መስሎ የሚታየው ጠረጴዛ ይህ ነው፤ ልጆችም ወደ ቀለማሙዎቹ ጠረጴዛዎች እየሮጡ አልፈውት ይሄዳሉ። ሆኖም ከሁሉም በላይ በጥናት የተፈተነው እሱ ነው።

ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ሥራ፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ልጆች በሚያገለግሉት የሄድ ስታርት መዋዕለ ሕፃናት ያሉ ሕፃናትን በሁለት ከፈሉ። አንደኞቹ ቁጥር በተጻፈበት ባለ 10 ቤት ሰሌዳ ተጫወቱ። ሌሎቹም ያንኑ የመሰለ ሰሌዳ ተሰጣቸው፤ ልዩነቱ ቤቶቹ ቁጥር ሳይሆን ቀለም የተቀቡ መሆናቸው ነበር። ጨዋታው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚወስድ ነበር፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተጫወቱ። የቁጥሩን ሰሌዳ የተጫወቱት ልጆች በመቁጠር፣ የተጻፈ ቁጥር በመለየት፣ ከሁለት ቁጥሮች ትልቁን በመምረጥ፣ አንድ ቁጥር በመስመር ላይ የት እንደሚያርፍ በመገመት ተሻሻሉ። ባለ ቀለሙን ሰሌዳ የተጫወቱት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አላሳዩም። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑም የመጀመሪያዎቹ ልጆች ያገኙት አልጠፋም ነበር።

ለምን ይሆን? አንድ ልጅ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ እስከ ሃያ ሊቆጥር ይችላል፤ 8 ከ3 እንደሚበልጥ ግን ላያውቅ ይችላል። ቁጥሮቹን የያዛቸው እንደ ዘፈን ግጥም በተርታ ነው። ሰሌዳው ላይ ሲጫወት ግን 8 ላይ ለመድረስ 3 ላይ ከመድረስ ይልቅ እጁ ሩቅ ይሄዳል፣ ጠጠሯን ብዙ ጊዜ ያነሣታል፣ ብዙ የቁጥር ስም ይጠራል፣ ጊዜም ይፈጅበታል። ዓይኑ፣ እጁ፣ ጆሮውና አፉ አንድ ነገር ይነግሩታል፤ ቁጥሩ ሲያድግ መንገዱም ይረዝማል ማለት ነው። በግቢያችን መሬት ላይ ተሥሎ በአንድ እግር ሲዘለልበት የኖረው ሰኞ ማክሰኞ ከዚህ ጋር የሚዛመድ ነገር አለው። እዚያም ልጁ የሚሄደው ከቤት ወደ ቤት ነው፤ ሩቅ ያለው ቤት ሩቅ መሆኑን በገዛ እግሩ ያውቀዋል።

ተመራማሪዎቹ በ2009 ደግሞ ያንኑ ጨዋታ በክብ ሰሌዳ ሞከሩት። ቀጥ ያለው ሰሌዳ ከክቡ በግልጽ በለጠ። ክብ ላይ 1 እና 10 ጎረቤታሞች ናቸው፤ ርቀት ስለ መጠን የሚናገረው ነገር ይደባለቃል። ስለዚህ ለትንንሾቹ ልጆች የሚያዘጋጅ መምህር ያማረ ክብ ሰሌዳ ከሚገዛ አንድ ቀጥ ያለ ወረቀት ቢያሠምር ይሻለዋል።

የእናትየውን ጥያቄ የሚመልሰው ግን በ2014 የወጣው የኤሊዳ ላስኪና የሲግለር ሥራ ነው። በዚህኛው ጥናት የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች እስከ 100 በሚደርስ ሰሌዳ ተጫወቱ። ግማሾቹ ጠጠሩን ሲያንቀሳቅሱ ከቆሙበት ቤት ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እየጠሩ ሄዱ፤ 5 ላይ ከሆኑና 2 ከደረሳቸው «ስድስት፣ ሰባት» ይላሉ። ሌሎቹ በየተራው ከአንድ ጀመሩ፤ «አንድ፣ ሁለት»። ሰሌዳው አንድ ነው፣ ጠጠሩ አንድ ነው፣ የሚደረስበትም ቤት አንድ ነው። የተማሩት ግን እኩል አልነበረም፤ ከቆሙበት እየቀጠሉ የቆጠሩት ልጆች በለጡ። «አንድ፣ ሁለት» የሚል ልጅ ቤቶቹ ላይ የተጻፈውን ማየት አያስፈልገውም። ሰሌዳው ባዶ ቢሆንም ሊጫወት ይችላል። «ስድስት፣ ሰባት» ለማለት ግን እያንዳንዱን ቁጥር ማየት፣ ስሙን መጥራትና ከቦታው ጋር ማያያዝ ግድ ነው።

እንግዲህ ጥሩ ሰሌዳ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ለብቻው ብዙ አያደርግም። ብዙ ልጆች ለራሳቸው ከተተዉ ከአንድ መጀመር ይቀናቸዋል፤ ቀላሉ እሱ ነውና። የሚያስተካክላቸው አጠገባቸው ያለው ትልቅ ሰው ነው። የዚያ ጠረጴዛ ሥራ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይህችን አንድ ነገር ለወላጁ ማስተላለፍ ነው።

ነገሩን በደንብ የሚያውቁ አዘጋጆች በየጠረጴዛው አንድ ካርድ ያቆማሉ፤ ካርዱም ሦስት ነገር ብቻ ይይዛል። ምን እንደሚሠራ በሁለት መስመር፣ ወላጁ ልጁን የሚጠይቀውን አንድ ወይም ሁለት ጥያቄ፣ እቤት እንዴት እንደሚደገም በአንድ መስመር። በባለ 10 ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥያቄ «አሁን የት ነህ? ቀጥሎስ ማን አለ?» ነው። ስለ ትምህርት ዓላማና ስለ ክፍሉ ደረጃ ሙሉ ገጽ የተጻፈበት ካርድ ማንም አያነበውም። ልጅ እጁን እየጎተተው የቆመ አባት የሚያነበው ሁለት መስመር ነው።

አንድ መምህር ከሩቅ ቆሞ ጠረጴዛው እየሠራ መሆኑን እንዴት ያውቃል? እጆችን ይመለከታል። ጠጠሯን የያዘው የልጁ እጅ ከሆነና የወላጁ እጅ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ ነገሩ ደህና ነው። ወላጁ «ስጠኝ፣ እንደዚህ አይደለም» እያለ ጠጠሯን ከወሰደ ልጁ ዓይኑን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ማንሣቱ አይቀርም። ሁለቱም እጃቸውን አንሥተው መምህሯ እያስረዳች ከሆነ ደግሞ ያ ጠረጴዛ ወደ ተራ ክፍል ተመልሷል። የመምህር ሥራ በዚያ ምሽት ማስተማር አይደለም፤ ካርዱን አሳይቶ፣ አንድ ተራ አብሮ ተጫውቶ፣ ወደ ኋላ ማለት ነው። ይህ ለመምህር ከባድ ነው፤ ስሕተት እያየ ዝም ማለትን ይጠይቃልና።

ወላጁ ቦታውን እንዲይዝ መርዳት ሌላም ምክንያት አለው። በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ልጆችና በወላጆቻቸው ላይ ተደርጎ ነበር። ሒሳብ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች ልጃቸውን በቤት ሥራ ደጋግመው ሲረዱ ልጁ በዓመቱ ውስጥ የተማረው ሒሳብ አነሰ፣ ጭንቀቱም ጨመረ። እነዚያው ወላጆች በቤት ሥራ ብዙ ባልገቡበት ጊዜ ግን ጭንቀታቸው ወደ ልጁ የተሻገረ አይመስልም። ይህ ማለት ሒሳብ የሚፈራ ወላጅ ከልጁ ይራቅ ማለት አይደለም። ትኩስ ስሜት ያለበት የቤት ሥራ ሰዓት ለሁሉም አስቸጋሪ ነው፤ መልስ አለው፣ ስሕተት አለው፣ ነገ የሚያርመው ሰው አለ። ሰሌዳ ላይ ያለ ጨዋታ ግን እናትየውን ሒሳብ ታውቅ እንደሆነ አይፈትናትም። ከእሷ የሚፈለገው «ቀጥሎስ ማን አለ?» ብላ መጠየቅ ብቻ ነው። ትምህርቷን ያቋረጠችም ብትሆን፣ ኢንጂነርም ብትሆን፣ ጥያቄዋ አንድ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የማይቀር ሌላ ጠረጴዛ አለ፤ ባቄላ የተሞላ ብልቃጥ ያለበት። ቤተሰቡ ብልቃጡን ያያል፣ ግምቱን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሣጥን ውስጥ ይጥላል፣ በመጨረሻ ቅርብ የገመተው ሽልማት ይወስዳል። ይህ በዚህ መልኩ ከቀረበ ከዕጣ አይለይም። ልጁ 500 ይላል፣ አባቱ 200 ይላል፣ ሁለቱም ለምን እንዳሉ አያውቁም።

ያው ጠረጴዛ ትንሽ ሲስተካከል ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከትልቁ ብልቃጥ አጠገብ ያንኑ የሚያህል ባዶ ብልቃጥና አንድ እፍኝ ባቄላ ይቀመጣል። መጀመሪያ ልጁ ዝም ብሎ ይገምታል፣ ይጽፋል፤ 500 ይበል። ከዚያ 20 ባቄላ ቆጥሮ ባዶው ብልቃጥ ውስጥ ይጨምርና ምን ያህል ከፍታ እንደያዘ በጣቱ ይለካል። አንድ ጣት ያህል ሆነ እንበል። ትልቁ ብልቃጥ ደግሞ የስድስት ጣት ከፍታ አለው። አባትየው «ስድስት ጊዜ ሃያ ስንት ይሆናል?» ቢል ልጁ ሃያ፣ አርባ፣ ስድሳ እያለ 120 ይደርሳል። 500ውን ሳይደልት ከጎኑ 120 ይጽፋል። ከዚያ ባቄላው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ይቆጠራል፤ በየጉድጓዱ አሥር አሥር። አሥራ ሁለቱም ጉድጓዶች ሞልተው 7 ባቄላ ተረፈ፤ 127።

እዚህ ጋ ወላጆች የሚሳሳቱባት አንዲት ነገር አለች። ልጁ 127 መሆኑን ሲያይ ፈጥኖ ላጲስ ያነሣል፤ 500ውን ደልቶ 127 መጻፍ ይፈልጋል። ብዙ ወላጅም «አዎ፣ አስተካክለው» ይለዋል። ካርዱ ላይ «የመጀመሪያውን አትደልቱ» የሚል ቃል ያስፈልጋል። የጠረጴዛው ትምህርት ከ500 ወደ 120 የተወሰደው እርምጃ ነው፤ 500ው ከጠፋ ልጁ ምን እንደተማረ የሚያሳይ ምንም ነገር ወረቀቱ ላይ አይቀርም።

ቋንቋን በተመለከተ ከሀበሻ ወላጆች በተደጋጋሚ የሚሰማ ሥጋት አለ፤ «በአማርኛ ከቆጠርኩለት ትምህርት ቤት ያለውን አላደባልቅበትም?» የሚል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከአሥር በላይ ላሉት ቁጥሮች አማርኛ ለልጁ ልዩ እርዳታ ይሰጠዋል። «አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት» ስንል ስሙ ራሱ ይናገራል፤ አሥር እና አንድ፣ አሥር እና ሁለት፣ አሥር እና ሦስት። በእንግሊዝኛ «ኢለቨን» እና «ትዌልቭ» ውስጥ አሥር አይሰማም። «ተርቲን» እና «ፎርቲን» ላይ ደግሞ ትንሹ ቁጥር ቀድሞ ይመጣል፣ አሥሩ «ቲን» ሆኖ ከኋላ ይቀራል። «ፎርቲን» እና «ፎርቲ» በጆሮ ስለሚቀራረቡ 14ን 41 ወይም 40 ብሎ የሚጽፍ ልጅ በየክፍሉ አለ። «አሥራ አራት»ንና «አርባ»ን ግን ማንም አያምታታም። ስለዚህ ከ10 እስከ 20 ያለው ሰሌዳ ጋ የደረሰች እናት በአማርኛ ብትቆጥር አሥሩን ለልጇ ገልጣ እያሳየችው ነው። ከዚያ «በእንግሊዝኛስ ይሄ ማን ይባላል?» ብላ ብትጠይቀው ልጁ ያንኑ ቁጥር ሁለት ስም ይሰጠዋል።

የዋሽንግተን ከተማ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ የመንግሥት ተቋማት እንግሊዝኛ ለማይችሉ ነዋሪዎች አስተርጓሚና የተተረጎመ ጽሑፍ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ አማርኛም አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ወላጅ መጥሪያው ሲደርሰው አስተርጓሚ መጠየቁ ሞገስ መለመን አይደለም። ትምህርት ቤቱም ቢሆን አስተርጓሚውን መድረክ አጠገብ ከሚያቆመው በጠረጴዛዎቹ መካከል ቢያዘዋውረው ይበጃል። የምሽቱ ዋና ንግግር የሚካሄደው እዚያ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ላይ የሚነገረው ባብዛኛው ፒዛው የት እንዳለ ነው።

አያቶችም ይመጣሉ። ልጅ ለመጠበቅ ከአገር ቤት የመጡ እናቶችና አባቶች የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚቀመጡት ግድግዳ ሥር ባሉት ወንበሮች ላይ ነው። ለእነሱ የሚሆን ጠረጴዛ ማዘጋጀት ግን ምንም አይከብድም። ባለ አሥራ ሁለት ጉድጓድ የእንቁላል ካርቶንና 48 ባቄላ ካለ ገበጣ አለ፤ በየቤቱ አራት አራት ይደረጋል። የአጨዋወቱ ደንብ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ አያትየው የሚያውቁትን ያውቃሉ፣ ያንኑ ያስተምሩ። ከአንድ ቤት ያለውን አንሥቶ ለሚቀጥሉት ቤቶች አንድ አንድ ማደል የሁሉም መሠረት ነው።

ሕፃኑ ሳያድል «የመጨረሻው ጠጠር የት ይወድቃል?» ተብሎ ይጠየቅ። በቤቶቹ ጠርዝ ላይ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ከተለጠፈ ጥያቄው ይከብዳልም፣ ይጣፍጣልም። ከቤት 3 አራት ጠጠር ካነሣ የመጀመሪያው 4 ላይ ይወድቃል፤ «አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት»። ይህ ያው ከቆሙበት ቀጥሎ መቁጠር ነው። ጎበዝ ተጫዋች አያት ደግሞ ይህን ሳይቆጥሩ በዓይን ብቻ ያዩታል፣ ልጁም «እማማ፣ እንዴት አወቁት?» ማለቱ አይቀርም። ይሁንና ገበጣ ዞሮ ይመለሳል፤ ከ12 ቀጥሎ 1 ይመጣል። ከላይ እንዳየነው ዙሪያው የሚዞር ሰሌዳ የቁጥርን መጠን ገና በመያዝ ላይ ላሉ ትንንሾች አይመከርም። የገበጣው ጠረጴዛ ለሁለተኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት ይሁን፤ ለአምስት ዓመቱ ልጅ ቀጥ ያለው ሰሌዳ ይበቃዋል።

ምሽቱ ሲበላሽ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በይዘቱ አይደለም፣ በሰልፍ ነው። አርባ ቤተሰብ ቢመጣና ስምንት ጠረጴዛ ቢኖር በአንዱ አምስት ቤተሰብ ይደርሳል። ሰባቱ ጠረጴዛዎች ስምንት ስምንት ደቂቃ የሚወስዱ ሆነው አንዱ ሃያ ደቂቃ ቢወስድ እዚያ ሰልፍ ይሠራል። ልጆች መሮጥ ይጀምራሉ፣ ወላጆች ስልካቸውን ያወጣሉ። መፍትሔው በየአሥር ደቂቃው ደወል መደወል ይመስላል፤ ነገር ግን ደወሉ ገና «ስምንት» ማለት የጀመረውን ልጅ ያቋርጠዋል። የሚሻለው ቀርፋፋውን ጠረጴዛ ሁለት አድርጎ ማዘጋጀት፣ በየጠረጴዛው አምስት ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ዕቃ ማስቀመጥና ቤተሰቦች በፈቀዱት ፍጥነት እንዲሄዱ መተው ነው።

ሌላው የሚያበላሸው ማኅተም መሰብሰቢያ ካርዱ ነው። በየጠረጴዛው ማኅተም ይመታል፣ ስምንቱን የሞላ ሽልማት ያገኛል። በዚህ ጊዜ ልጁ የሚሰበስበው ማኅተም ብቻ ይሆናል፤ ወላጁን ጥሎ ብቻውን ይሮጣል። ማኅተም ማስቀረት የማይቻል ከሆነ ሦስት ጠረጴዛ ላይ የቆየ ሁሉ ሽልማቱን ይውሰድ። አንድ ቤተሰብ በምሽቱ ሦስት ጠረጴዛ በደንብ ከጎበኘ ምንም አልጎደለበትም።

ወጪው ብዙ አይደለም፣ ላለውም ምንጭ አለው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በብዛት ለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል መንግሥት «ታይትል አንድ» የሚባል ገንዘብ ይሰጣል። በዚህ ሕግ መሠረት በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ የሚደርሰው የትምህርት ወረዳ ቢያንስ አንድ በመቶውን ለቤተሰብ ተሳትፎ መመደብ አለበት፤ ወላጆችም አወጣጡ ላይ ሐሳብ የመስጠት መብት አላቸው። ገንዘቡ በምን ላይ እንደዋለ መጠየቅ የሚችል ወላጅ «የሚቀጥለው ምሽት ላይ እቤት የምንወስደው ሰሌዳ ይኑር» ብሎ መጠየቅም ይችላል።

ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ልጆች የተሻሻሉት በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ ተጫውተው ነው። ትምህርት ቤት አንድ ምሽት ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ለአሥር ደቂቃ የተጫወተ ልጅ ያንን ለውጥ ያሳያል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። አንድ ምሽት ማድረግ የሚችለው ወላጁን «ስድስት፣ ሰባት» ማስለመድ ነው፤ የቀሩት ጨዋታዎች የሚካሄዱት እቤት፣ ከእራት በኋላ፣ ምንጣፍ ላይ ነው። ሰሌዳው በፖስታ ታሽጎ ከቤተሰቡ ጋር ካልሄደ ምሽቱ ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል።

ሰሌዳ ያልሰጠ ትምህርት ቤት ያጋጠመው ወላጅም መጠበቅ የለበትም። ረዘም ያለ ወረቀት ወይም የእህል ካርቶን ጎን ይበቃል። አሥር እኩል ቤቶች በአንድ ረድፍ ይሠመሩ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከ1 እስከ 10 ይጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ አንድ ባቄላ ይዘጋጅ። በቀስት ፋንታ ሳንቲም ይወርወር፤ ዘውድ ከሆነ አንድ ቤት፣ ጎፈር ከሆነ ሁለት ቤት። ቀድሞ 10 የደረሰ ያሸንፋል። ባቄላውን የሚያንቀሳቅሰው ልጁ ይሁን፣ ቁጥሩንም የሚጠራው እሱ ይሁን፤ ከአንድ ሲጀምር ብቻ «አሁን የት ነህ?» በሉት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ምሽት፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ተጫወቱት።